የጠቆረና የተጫረ ፓርኬ፦ ቤት ከመልቀቅ በፊት የተሠራው ሥራና ለአከራይዋ የተጻፈው ማስታወሻ

## ቤቱና ሰዎቹ

ቤቱ አዲስ አበባ የሚገኝ አሮጌ ቪላ ነው። ተከራዮቹ ባልና ሚስት ናቸው፤ ሁለት ልጆቻቸውን ያሳደጉት እዚያው ነው። አከራይዋ በዕድሜ የገፉ እናት ሲሆኑ ከልጆቻቸው ጋር አሜሪካ ይኖራሉ። ኪራዩን የሚቀበለውም ቤቱን የሚያየውም የወንድማቸው ልጅ ነው። ተከራዮቹ ሲገቡ የአንድ ወር ኪራይ በመያዣ አስይዘዋል፤ ውሉ ደግሞ «ተከራይ ቤቱን በተረከበበት ሁኔታ ያስረክባል» ይላል። በተረከቡበት ቀን ወለሉ ምን ይመስል እንደነበር ግን አንድ መስመር አልተጻፈም፤ ፎቶም አልተነሣም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ቢያዝም፣ ስለ ፓርኬ ጭረት የሚጽፍ ተዋዋይ እኔ እስካሁን አላጋጠመኝም።

እኔ ፓርኬ ሠሪ ነኝ። የተጠራሁት «ሳሎኑን በማሽን ላግልንና ቫርኒሽ ቀባልን» ተብዬ ነበር። ሥራው መጨረሻ ላይ መላግም ሙሉ ቫርኒሽም አልሆነም። ጉዳዩን ለመመዝገብ ያነሣሣኝ አንዱ ይህ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ወለሉን በዓይናቸው ሊያዩት ለማይችሉ ሰው በጽሑፍ ማስረዳት ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖ መገኘቱ ነው።

## ወለሉ የነበረበት ሁኔታ

ሳሎኑ በባሕር ዛፍ ፓርኬ የተነጠፈ ነው፤ አጫጭር ጣውላዎች እየተጋጠሙ የዓሣ አጥንት መልክ ይዘዋል። ከሥር አሮጌ ቫርኒሽ አለው፤ ከላይ ለዓመታት በየሳምንቱ የተቀባ ሰም ተደራርቦበታል። መጀመሪያ ስገባ ዓይን የሚይዙት አራት ነገሮች ነበሩ።

በመስኮቱና በብፌው መካከል ባለ የብረት ማስቀመጫ ላይ የአበባ ማሰሮ ይቆም ነበር። ማሰሮው ሲነሣ ከሥሩ ሰሐን የሚያክል ጥቁር ክብ ተገኘ። የቤቱ ሠራተኛ ክቡን በበረኪና አሽታው መሐሉ ነጥቶ ዙሪያው የዝገት መልክ ይዟል። ቡና በሚፈላበት ጥግ ከምድጃው ፍም ወድቆ ያቃጠላቸው ሁለት ጣውላዎችና በርከት ያሉ ነጫጭ የሙቀት ምልክቶች አሉ። በዓል በመጣ ቁጥር እርጥብ ቄጠማ የሚጎዘጎዘውም እዚያው ስለሆነ የወለሉ አንጸባራቂነት በጥጉ ጠፍቷል። ሶፋው በተጎተተበት መስመር ረጃጅም ጭረቶች ተሠርተዋል፤ አባወራው አንዳንዶቹን በቡናማ የጫማ ቀለም ሞልቷቸው ከእንጨቱ ይልቅ ጠቁረው ይታያሉ። በመጨረሻም በመስኮቱ ሥር በግድግዳው አቅጣጫ የተዘረጋ ሰፊ ጥቁረት አለ።

ተከራዮቹ ሁሉንም የራሳቸው ጥፋት አድርገው ቆጥረውት ነበር። የወንድም ልጁ ደግሞ አንድ ጊዜ መጥቶ አይቶ «ወለሉ ተበላሽቷል» ብሎ አክስቱ ጋ ደውሏል። «ተበላሽቷል» የሚለው ቃል አሜሪካ ሲደርስ ምን ያህል እንደሚያብጥ መገመት አያቅትም።

## ማሽኑ ለምን ቀረ

ማንኛውንም ፓርኬ ከመላግ በፊት ስንት እንጨት እንደቀረው ማየት ያስፈልጋል። ከበሩ አጠገብ በግድግዳው ግርጌ የተመታ አንድ ዞኮሎ አነሣሁ። ከዞኮሎው ሥር የጣውላው ጫፍ በጎን ይታያል፤ ጣውላው ከጎረቤቱ ጋር የሚቆላለፍበት ምላስም ይታያል። ሊላግ የሚችለው ከምላሱ በላይ ያለው እንጨት ብቻ ነው። እዚህ ቤት ከምላሱ በላይ የቀረው ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ነበር። ወለሉ ከዚህ በፊት ቢያንስ አንድ ጊዜ በማሽን እንደተላገ ግልጽ ነው።

ማሽን በቁጥር 40 ብርጭቆ ወረቀት ጀምሮ በ60ና በ100 ሲጨርስ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይወስዳል፤ ወለሉ ወጣ ገባ ከሆነ ከዚያም ይበልጣል። ተረፈ የሚባለው እንጨት ስስ ይሆንና ምላሱ ያለበት ጠርዝ በጥቂት ዓመት ውስጥ እየተሰነጠቀ ይነሣል። ለሚለቅ ተከራይ ይህ አይታየውም፤ የሚያምር ወለል አስረክቦ ይሄዳል። ለባለቤቷ ግን ለወለላቸው የቀረውን የመጨረሻ የመላግ ዕድል ሳያስፈቅዷቸው በሉባቸው ማለት ነው። ስለዚህ እድፉን በያለበት መሥራት ተመረጠ፤ ተከራዮቹም ለማሽን ያሰቡት ገንዘብ ቀንሶላቸው ደስ አላቸው።

## ከላዩ ምን እንዳለ መለየት

ቀጣዩ ጥያቄ ከላይ ያለው ሰም ነው ወይስ ቫርኒሽ የሚለው ነበር። ነጭ ጨርቅ ቀለም ማቅጠኛ በሆነው አኳራጅ አርሶ አንድ ቦታ ማሸት ይበቃል። ጨርቁ ቢጫ ወይም ቡናማ ሆኖ ከወጣ ሰም አለ፤ ንጹሕ ከወጣ ቫርኒሽ ብቻ ነው። የዚህ ቤት ጨርቅ ሻይ መሰለ።

ተከራዮቹ «ሰሙን አጥበህ ሁሉንም በቫርኒሽ ሸፍነው» ብለው አጥብቀው ጠየቁ። ቫርኒሽ ሰም ላይ አይይዝም፤ በጥንቃቄ ቢታጠብ ይይዝ ይሆን የሚለውን ለማየት ግን ከበሩ ጀርባ ሁለት መዳፍ የሚያክል ቦታ በአኳራጅ አጥቤ፣ በቁጥር 150 አሽቼ አንድ እጅ ቫርኒሽ ቀባሁበት። በደንብ ከደረቀ በኋላ በሳንቲም ጠርዝ ሲጫር እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ። በክፍተቶቹ ውስጥ የገባ ሰም በአንድ እጥበት አይወጣም። ሙሉ ሳሎን ቀብቼው ቢሆን ኖሮ የሚላጠው ቀጣዩ ተከራይ ከገባ በኋላ ነበር። ያ ሙከራ ሁሉንም ወሰነ፦ እስከ ባዶ እንጨት የሚፋቁት ጥቂት ጣውላዎች ብቻ ቫርኒሽ ይቀባሉ፤ ከዚያ በኋላ ወለሉ በሙሉ እንደነበረው በሰም ይወለወላል።

## ጥቁሩ ክብ

ባሕር ዛፍ ውስጥ ታኒን አለ፤ ሻይ ውስጥ ያለው ዓይነት ነገር ነው። ውኃ ከማሰሮው ወርዶ የብረቱን እግር ሲያዝግ የብረቱ ዝገት ከታኒኑ ጋር ይዋሐድና ቀለም የሚመስል ጥቁረት ይፈጥራል። ቆሻሻ ስላልሆነ በሳሙና አይለቅም። በረኪናም አያወጣውም፤ እንጨቱን አንጥቶ ዝገቱን የባሰ ያደርቀዋል፤ ሠራተኛዋ ያየችውም ይህንኑ ነው።

ይህን የሚያወጣው ኦክሳሊክ አሲድ ነው። ነጭ ጨው የሚመስል ዱቄት ሆኖ ኬሚካል ከሚሸጡ ሱቆች ይገኛል። መርዝ ነው፤ ብናኙ አፍንጫንና ጉሮሮን ያቃጥላል። ልጆቹ ያን ቀን አያታቸው ቤት ዋሉ፤ እኔ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አደረግሁ፤ መስኮቱም ክፍት ነበር። በረኪና ከቆየበት እንጨት ጋር እንዳይገናኝ ቦታው ቀደም ብሎ በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ታጥቦ ደርቋል፤ አሲድና በረኪና ከተገናኙ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል።

መጀመሪያ ክቡ የነካቸው ጣውላዎች ሙሉ በሙሉ፣ ከመጋጠሚያ እስከ መጋጠሚያ፣ በቁጥር 80 ከዚያም በ120 በእጅ ተፋቁ። እድፉን ብቻ መፋቅ ስሕተት ነው፦ አሲዱ ራሱ እንጨቱን ትንሽ ያነጣል፤ እድፉ ላይ ብቻ ከፈሰሰ ጥቁሩ ክብ ሄዶ በቦታው ነጭ ክብ ይቀራል። ጣውላው ሙሉ ከሆነ ግን የመልክ ልዩነቱ መጋጠሚያው ላይ ስለሚቆም ዓይን እንደ እንጨቱ ተፈጥሮ ይቀበለዋል። የዓሣ አጥንት ፓርኬ ለዚህ የሚመች ነው፤ ሲነጠፍም ሁለት ጎረቤት ጣውላዎች አንድ መልክ የላቸውም።

በአንድ ሊትር ሞቅ ያለ ውኃ መቶ ግራም ያህል ዱቄት በፕላስቲክ ዕቃ ተበጠበጠ፤ ብረት ዕቃ አይሆንም። በብሩሽ ተቀብቶ ሃያ ደቂቃ ያህል ሲቆይ ጥቁረቱ በዓይን እያዩት ወደ ግራጫ፣ ከዚያ ወደ ቡናማ ሄደ። ይህ በራሱ ምርመራ ነው፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ምንም ካልተለወጠ እድፉ ከብረት የመጣ አይደለም ማለት ነው፣ አሲድ መጨመርም ጥቅም የለውም። ተደግሞ ተቀባ። ከዚያ በንጹሕ ውኃ ታጠበ፤ በሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ የገባበት ውኃ ተቀባ፤ አረፋ ማውጣቱን ሲያቆም እንደገና ታጠበ። ይህ እጥበት ከተዘለለ አሲዱ ጨው ሆኖ እንጨቱ ላይ ይደርቃል፤ በኋላ ብርጭቆ ወረቀት ሲያገኘው አየር ላይ ይነሣል፤ ቫርኒሹንም ያበላሸዋል።

ወቅቱ ነሐሴ ስለነበረ እንጨቱ ለመድረቅ ቸኩሎ አልነበረም፤ ሁለት ቀን ሙሉ ተተወ። ውጤቱ፦ ጥቁሩ ክብ በሙሉ፣ የዝገት መልክ የያዘው ዙሪያውም ጭምር ለቀቀ። መሐሉ በበረኪና የነጣው ግን አልተመለሰም። የጠፋ ቀለም አሲድ አይመልሰውም። ቆሞ የሚያይ ሰው አሁንም ከአካባቢው ፈካ ያለ ቦታ ያያል።

## ፍሙ ያቃጠላቸው ጣውላዎች

የተቃጠለ እንጨት ሁለት ዓይነት ነው። ላዩ ብቻ የጠየመ በቢላ ስለት ተፍቆ ይወጣል። ወደ ውስጥ የከሰለ ግን ጣውላው ራሱ መለወጥ አለበት። እዚህ አንዱ ጣውላ የመጀመሪያው ዓይነት ነበር፤ ተፍቆ ዳነ። ሁለተኛው የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ጉድጓድ አለው።

አዲስ ጣውላ ከአሮጌ ወለል ጋር አይመሳሰልም። ሙያው የሚያውቀው ዘዴ ከማይታይ ቦታ፣ ከጓዳ ወይም ከቁም ሳጥን ሥር፣ አንድ ጣውላ ነቅሎ እዚህ ማምጣትና አዲሱን እዚያ መክተት ነው። ይህ ግን የሰው ቤት መንቀል ስለሆነ ያለ ፈቃድ አይሠራም። ሚስትየዋ በቴሌግራም ፎቶ ልካ አስፈቀደች። አከራይዋ «ከጓዳዬ ምንም እንዳይነቀል» አሉ። በወለላቸው ላይ የመጨረሻው ቃል የእሳቸው ነው፤ ነገሩ እዚያ ላይ ቆመ።

ስለዚህ ጉድጓዱን መሙላት ቀረ። መጀመሪያ የሞከርሁት ከዚያው ወለል የተፋቀውን ዱቄት በኮላ ለውሶ መሙላት ነው። ደርቆ ሲታሽ አማረ፤ ቫርኒሹ ሲነካው ግን ከእንጨቱ ይልቅ ጠቆረ፤ ኮላ የገባበት ዱቄት ቫርኒሹን እንደ እንጨት አይጠጣም። ያን አውጥቼ ቫርኒሹ ከደረቀ በኋላ ለዕቃ ጥገና በሚሸጠው ባለቀለም ጠንካራ ሰም ሞላሁት። ይህ የተሻለ ይመስላል፤ ነገር ግን ሰም ስለሆነ ትኩስ ነገር ከተቀመጠበት ይለሰልሳል። ማስታወሻው ላይ መግባት ካለባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ነጫጮቹ የሙቀት ምልክቶች ሰሙ ውስጥ ብቻ ስለነበሩ ሰሙ በአኳራጅ ሲታጠብ አብረው ሄዱ። አኳራጅ በሚሠራበት ቀን እቤቱ ውስጥ ከሰል እንዳይቀጣጠል ተስማምተን ነበር፤ ቡናው ከጎረቤት መጣ። የተነከሩት ጨርቆችም ተጨብጠው ሳይሆን ግቢ ውስጥ ተዘርግተው ደረቁ።

## ጭረቶቹ

ጭረትን በጥፍር አቋርጦ መሄድ ጥልቀቱን ይናገራል። ጥፍር ካልያዘው ከላይኛው ሽፋን አላለፈም። አብዛኞቹ እንዲህ ነበሩ፤ አኳራጅ ሲነካቸው ይጠፋሉ፣ ሲደርቁ ይመለሳሉ። እንዲህ የሚሆን ጭረት ሰም ሲቀባ ይጠፋል፤ ሌላ ሥራ አያስፈልገውም።

ጥፍር የያዛቸው ጥቂቶች ነበሩ። የጫማው ቀለም በአኳራጅ በትንሽ ብሩሽ እየታሸ ወጣ፤ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም። ከሶፋው እግር ሥር አንድ ቦታ ደግሞ እንጨቱ ሳይቆረጥ ወደ ታች ተጨፍልቆ ነበር። የተጨፈለቀ እንጨት በእንፋሎት ይነሣል፦ እርጥብ ጨርቅ አድርጎ የጋለ ካውያ ለጥቂት ሰከንድ መጫን፣ ማንሣት፣ መድገም። የተቆረጠ እንጨት ግን በምንም እንፋሎት አይነሣም፤ ያን በባለቀለም ሰም ሞላነው። ካውያውን ማስቆየት አይገባም፤ ጣውላው ከሥር የተለጠፈበት ማጣበቂያ ሙቀት አይወድም።

ሚስትየዋ የቀሩትን በድስት ሽቦ ልታሽ ጀምራ ነበር፤ አስቆምኋት። ከሽቦው የሚራገፉ ቅንጣቶች ክፍተቶቹ ውስጥ ከቀሩ አንድ ቀን ውኃ ሲያገኙ እንደ አበባ ማሰሮው ትናንሽ ጥቁር ነጥቦች ይወልዳሉ። በፕላስቲኩ የዕቃ ማጠቢያ ተጠቀምን።

የተፋቁት ጣውላዎች ሁለት ስስ እጅ ዘይት ነክ ቫርኒሽ ጠጡ፤ የመጀመሪያው እጅ በአኳራጅ አንድ አሥረኛ ያህል ቀጥኖ፣ በመካከላቸው በቁጥር 220 ታሽቶ። ውኃ ነክ ቫርኒሽ ፈጥኖ ይደርቃል፤ ግን ቀለም አልባ ሆኖ ስለሚቀር ከዓመታት ብዛት ቢጫ ከሆነው አሮጌ ቫርኒሽ አጠገብ ያስታውቃል። መጨረሻ ላይ ሳሎኑ በሙሉ በስሱ ሰም ተቀብቶ በብርድ ልብስ ቁራጭ ተወለወለ።

## በመስኮቱ ሥር ያለው ጥቁረት

ይህኛው አልተነካም፤ ምክንያቱ መጻፍ አለበት። እድፉ ላይ ያለው ቫርኒሽ ሙሉ ነው፤ አልተነሣም፣ አልነጣም። ከላይ የፈሰሰ ውኃ እንጨቱ ጋ ለመድረስ መጀመሪያ ሽፋኑን ማለፍ አለበት፤ አልፎም ምልክት ሳይተው አይሄድም። ሽፋኑ ደኅና ሆኖ ከሥሩ እንጨቱ ከጠቆረ ወይ እድፉ ከመጨረሻው ቫርኒሽ በፊት የነበረ ነው፤ አለዚያም ውኃው የሚመጣው ከታች ነው።

ለመለየት ሁለት ቁራጭ ፕላስቲክ ወለሉ ላይ አንጥፌ ዙሪያቸውን በፕላስተር አሸግሁ፤ አንዱን በመስኮቱ ሥር፣ ሌላውን ሳሎኑ መሐል። በማግሥቱ የመሐሉ ደረቅ ነበር፤ በመስኮቱ ሥር ያለው ፕላስቲክ ግን ከውስጥ ላብ ይዟል። የዝናቡ ውኃ በመስኮቱ ደፍ በኩል ግድግዳው ውስጥ ገብቶ በወለሉ ሥር ይሄዳል። ውኃው እስካልተዘጋ ድረስ እድፉን ማንጣት ገንዘብ መጣል ነው። ተከራዮቹ ግን የሌላ ሰው ጥፋት ተሸክመው ሊወጡ ነበር።

## ማስታወሻው

መጀመሪያ አባወራው የጻፈው አጭር ነበር፦ «ወለሉን በራሳችን ወጪ በሚገባ አድሰናል፣ አሁን እንደ አዲስ ነው።» የወንድም ልጁ መልስም አጭር ሆነ፦ «ምን ነበረበትና ነው የታደሰው?» እውነቱን ነው። «እንደ አዲስ» የሚል ቃል የሚያነበውን ሰው የተደበቀ ነገር ፍለጋ ይልከዋል። ሚስትየዋ እንደገና ጻፈችው፤ ቴክኒኩን ከእኔ ጠየቀች፣ አጻጻፉ የራሷ ነው። በፈቃዷ ከሞላ ጎደል እንዳለ አስቀምጠዋለሁ።

«ለተከበሩ እትዬ፣ ጤናዎን እንዴት ሰነበቱ? ልጆቹ እጅ ይነሣሉ። በመስከረም ቤቱን ስለምናስረክብ የሳሎኑን ወለል ሁኔታ ሳልሸሽግ ልንገርዎት ብዬ ነው። ፎቶዎቹን በቁጥር አድርጌ ልኬያለሁ፤ ከሥራው በፊትና በኋላ ከአንድ ቦታ ቆሜ ያነሣኋቸው ናቸው።

አንደኛ፣ በብፌው አጠገብ የአበባ ማሰሮ ከብረት ማስቀመጫው ጋር ጥቁር ክብ ሠርቶ ነበር። ይህ በእኛ ጊዜ የሆነ ነው። ጥቁረቱ በመድኃኒት ወጥቷል፣ በሚገባ ታጥቧል፤ ከላዩም ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ ተቀብቷል። መሐሉ ቀደም ብሎ በበረኪና ስለታሸ ከሌላው ትንሽ ፈክቶ ቀርቷል፤ አይመለስም ብለውናል።

ሁለተኛ፣ በቡናው ጥግ ሁለት ጣውላ በፍም ተቃጥሎ ነበር፤ ይህም የእኛ ነው። አንዱ ድኗል። ሁለተኛው ጉድጓዱ በሰም ተሞልቷል እንጂ አልተለወጠም፤ ከጓዳ እንዳይነቀል ስላሉ አልነካንም። ትኩስ ጀበና ወይም ምድጃ እዚያ ላይ እንዳይቀመጥ ለሚገባው ሰው ይንገሩልን። የዚህን ጣውላ ማስለወጫ ከመያዣው ላይ ቢቀንሱ ቅር አይለንም።

ሦስተኛ፣ የሶፋው ጭረቶች። አብዛኞቹ ጠፍተዋል፤ ሦስቱ ጠጋ ብለው ሲያዩ ይታያሉ፤ በፎቶው ላይ በቀይ አክብቤያቸዋለሁ።

አራተኛ፣ በመስኮቱ ሥር ያለው ጥቁረት የእኛ አይመስለንም፤ አልሠራነውምም። ቫርኒሹ ከላዩ ደኅና ነው፤ ውኃው በዝናብ ጊዜ ከሥር እንደሚመጣ ባለሙያው በፕላስቲክ አሳይቶናል፤ ፎቶው አለ። ሌላ ሰው ቤቱን ሳይከራይ የመስኮቱ ደፍ ቢታይ መልካም ነው።

ወለሉ በማሽን አልተላገም፤ ቀጭን ስለሆነ አይችልም ተብለናል። ወደፊትም ማንም ልላግ ቢልዎት መጀመሪያ ከበሩ አጠገብ ያለውን ዞኮሎ አስነሥተው ያስዩት። ከላዩ ሰም ስለሆነ በብዙ ውኃ አይታጠብም፤ በተጨመቀ ጨርቅ ይወለወላል። ቫርኒሽ ሰሙ ላይ አይይዝም፤ ከበሩ ጀርባ ሞክረነው ተላጥቷል፤ ቦታው ጸድቶ በሰም ተመልሷል። የተረፈውን ቫርኒሽና ሰም ስማቸው እንደተጻፈበት ጓዳው ውስጥ ትቼዋለሁ። የወንድምዎ ልጅ በሚመቸው ቀን መጥቶ በዚህ ወረቀት እያመሳከረ ቢያየው ደስ ይለናል። አክባሪዎ።»

## ከዚያ በኋላ

የወንድም ልጁ ወረቀቱን ይዞ መጣ። በቁጥር በቁጥር ሄደ፤ በቀይ የተከበቡትን ጭረቶች ፈልጎ አገኛቸው፤ አራተኛ ጭረት ፈልጎ አጣ። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ላይ ያለውን ሁሉ ማመን ጀመረ። ያልዳኑት ነገሮች መጻፋቸው ለዳኑት ምስክር ሆነ።

አከራይዋ በድምፅ መልእክት መለሱ። የጠየቁት ሁለት ነገር ነው፦ መድኃኒቱ ወለል ላይ ለሚድኽ ሕፃን ያሰጋ እንደሆነና መስኮቱን ማን እንደሚሠራው። ለመጀመሪያው፣ የአሲዱ ኃይል በሶዳ ከጠፋና ከታጠበ በኋላ ላዩ በቫርኒሽ ስለተዘጋ እንደማያሰጋ ነገርናቸው። መስኮቱን ራሳቸው እንደሚያሠሩ ተናገሩ። ከመያዣው ለአንድ ጣውላ ማስለወጫ የሚሆን ቀንሰው ሌላውን መለሱ። ዋጋውን የነገርኋቸው እኔ ነኝ፤ ለሁለቱም ወገን አንድ ቁጥር ነው የሰጠሁት።

ሁሉም የሰመረ አልነበረም። የወንድም ልጁ የፈካውን ክብ እስካሁን አይወደውም፤ ምንጣፍ ጥሎበታል። ሰም ያለበት ወለል ላይ ወዲያው ምንጣፍ መጣል ሰሙ ሳይደርቅ ያፍነዋል ብዬው ነበር።

## ለሌላ ቤት የሚተርፈው

ሌላ ቤት ቢሆን ቅደም ተከተሉን አልለውጠውም፦ መጀመሪያ የእንጨቱ ውፍረት፣ ከዚያ ከላዩ ያለው ምን እንደሆነ፣ ከዚያ እያንዳንዱ እድፍ ከሽፋኑ በላይ፣ በሽፋኑ ውስጥ ወይም ከሥሩ መሆኑ። የመጨረሻው ጥያቄ ሁለት ሥራ ይሠራል። ምን እንደሚያወጣው ይነግራል፤ በማን ጊዜ እንደሆነም ፍንጭ ይሰጣል። ፎቶ በሌለበት ቤት የቫርኒሹ ሽፋን ብዙ ጊዜ ብቸኛው ምስክር ነው። ምስክርነቱ ግን ገደብ አለው፤ እድፉ ከሽፋኑ በፊት እንደነበረ ወይም ከሥር እንደመጣ ይናገራል እንጂ ዓመቱን አይናገርም። ተከራዩ ራሱ በመሐል ቫርኒሽ አስቀብቶ ከነበረ ደግሞ ማስረጃነቱ ያበቃል።

ማስታወሻውን በተመለከተ የምጨምረው ጊዜውን ነው። የተጻፈው ቁልፍ ከመመለሱ በፊት፣ ሊታይ በሚችልበት ሰዓት ነው። ቁልፉ ከተመለሰ በኋላ የሚላክ ማብራሪያ ክርክር ይመስላል። ማስፈቀድ የሚያሻው ነገር ደግሞ ከማስታወሻው ቀድሞ ለብቻው ይጠየቅ፤ ጣውላ ነቅሎ በኋላ በደብዳቤ መንገር ሌላ ጉዳይ ይወልዳል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ለእውነተኛ እንጨት ነው። በአዳዲሶቹ አፓርታማዎች በብዛት የሚታየው ላሚኔት እንጨት የሚመስለው ላዩ በታተመ ወረቀት ነው፤ ብርጭቆ ወረቀት ከነካው ሥዕሉ ይጠፋል፣ ውኃ ከገባበት ጠርዙ ያብጣል፣ አሲዱም አይረዳውም። እዚያ የተበላሸውን ቁራጭ መለወጥ ብቻ ነው ያለው። ሲነጠፍ የተረፈ ካርቶን ቤቱ ውስጥ መኖሩንም ተከራይ በገባበት ቀን ይጠይቅ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ያንኑ መልክ ገበያ ላይ ማግኘት ያስቸግራል።